«እናታችነ»ን ማን ሰረዘው?

ባለፈው እትማችን ያወጣነውን የደብረ ኤልያሱን ልጅ ታሪክ ያነበበ አንድ ተማሪ ቡለቲኗን ይዞ መጣና የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ «ይኼ አረፍተ ነገር ምን ለማለት ነው?» አለኝ። በጣቱ የያዘው «ማንም አልሳቀም» የሚለውን ነበር። «እናቱ መሞቷን ገና አሁን የሰማ ልጅ ፊት ማን ይስቃል? ደራሲው ይኸን መጻፉ ራሱ አስቂኝ አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ክፍሌ ሄጄ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ከታተመው ጋር ጎን ለጎን ሳስተያይ ጥፋቱ የደራሲው ሳይሆን የኔ የአራሚው ሆኖ አገኘሁት። የሰረዝኩት አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ይኸው እንግዲህ በዚያች ፊደል ምክንያት ይህን ለመጻፍ ተገደድኩ።

ታሪኩን ላላነበበ አንባቢ ባጭሩ ላንሣው። ልጁ በምሥራቅ ጐጃም፣ በደብረ ኤልያስ ከቅኔ ጉባኤ ቤት ወጥቶ ዘመናዊ ትምህርት ለመማር አዲስ አበባ ይመጣል። ከሦስት የከተማ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ማታ «ነገ እንሄዳለነ» ሲል ልጆቹ በሣቅ ይፈርሳሉ። ከዚያ ወዲያ አፉን በከፈተ ቁጥር ያስመስሉታል። «ቤታችነ» ሲል «ቤታችነነነ» ይሉታል። ልጁ ነገሩ ሲገባው አፉን ማሠልጠን ይጀምራል፤ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «መጣን፣ ሄድን፣ በላን» እያለ ብቻውን ይለማመዳል። ይሳካለታልም። በታሪኩ ማለቂያ ላይ ወንድሙ ከአገር ቤት መጥቶ በራፉ ላይ ይቆማል። ልጁ አስቀድሞ በከተማው አፍ «መቼ መጣህ?» ይለዋል። ወንድሙ አይመልስም። ልጁ ቀና ብሎ ሲያይ ወንድሙ ከል ለብሷል። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ይናገራል፤ «እናታችነ?»። ቀጥሎ «ማንም አልሳቀም» ይልና ታሪኩ ያልቃል።

እኔ ያችን ቃል «እናታችን?» አደረግኋት። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ግን ከዚህ በላይ ምን ይነካል? የከተማው ልጆች የሚስቁት በ«ነ» ነበር፤ «ነ» ከሌለ የሚሳቅበት ነገር የለም፤ የሚሳቅበት ከሌለ ደግሞ «ማንም አልሳቀም» ትርጉም የለውም። ልጁ ወር ሙሉ የሠለጠነበት አፍ ከሉን ባየ ጊዜ እንደ ጠፋበት፣ አብረውት የሚኖሩት ልጆችም ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን አነጋገር ሰምተው ዝም እንዳሉ ደራሲው አንድም ቦታ ላይ በግልጽ አልጻፈውም። ሁሉንም በአንዲት ፊደል ላይ አሳርፎት ነበር።

ይህን ያደረግኩት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው ብል ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ ግን አይደለም። ሕግ ነበረኝ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ እንዲህ ይል ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ በአገሩ ሳለ በአገሩ አነጋገር ይናገር፣ ከተማ ከገባ በኋላ በመደበኛው ይናገር፣ ተራኪው ሁልጊዜ በጽሑፍ አማርኛ ይናገር። በዚህ ሕግ መሠረት በመጀመሪያው ክፍል ያለውን «ነ» ሁሉ እንዳለ ተውኩት፤ እንዲያውም «የአካባቢ ቀለም» ብዬ በኅዳጉ አድንቄ ጽፌያለሁ። የመጨረሻዋ ግን ከተማ ውስጥ ነች፤ ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ልጁ በ«ን» ብቻ ስለተናገረ «ብዕሩ አምልጦት ነው» ብዬ ደመደምኩ። ሕጉ የማይረባ ነው አልልም፤ ለብዙ ጽሑፍ ይሠራል። ዳሩ ግን የሰው አነጋገር የሚለወጠው ሰውዬው የቆመበት ቦታ ሲለወጥ ብቻ አይደለም። ከማን ጋር እንደሚነጋገርና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለም ይለውጠዋል።

ስለዚች «ነ» ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከመካከላችን «ኧረ ይኼ የባላገር ስሕተት ነው» የሚሉ አሉ። ጐጃሜው «መጣነ»፣ «እንሄዳለነ»፣ «ቤታችነ» ሲል በዘፈቀደ አይደለም፤ አዲስ አበቤው «መጣን»፣ «እንሄዳለን»፣ «ቤታችን» በሚልበት ቦታ ሁሉ አንድም ሳያዛንፍ ነው። ሕግ ያለው ነገር ስሕተት አይባልም። ደግሞም ግእዝን ያየ ሰው ይህችን «ነ» ያውቃታል፤ «አቡነ» አባታችን ነው፣ «እምነ» እናታችን ነች። የታሪኩ ልጅ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው። እኔ «አረምኩለት» ያልኩት ጫፍ በቅኔ ቤቱም በእናቱም አፍ ሲሰማው የኖረው ነው። በዚያች ደቂቃ «እናታችነ» ሲል ሁለቱም ነገር አብሮ ይመጣል። ደራሲው ይህን አስቦበት ይሁን ወይም ጆሮው መርቶት አልጠየቅሁትም፤ ለአራሚ ግን ልዩነት አያመጣም። ሁለቱም አይነኩም።

ታዲያ ደራሲው አጠገቤ ሳይኖር በምን ላውቅ እችል ነበር? ይህን ስጠይቅ ከረምኩና አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ትንሽ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። አንድ ቅጠል ወረቀት ወስዶ ተናጋሪዎቹን ከላይ ወደ ታች፣ ትዕይንቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍ ነው። ከዚያ የሚያጠራጥረውን አነጋገር በየሣጥኑ መቁጠር። እኔም ዘግይቼም ቢሆን ቆጠርኩ። በደብረ ኤልያሱ ትዕይንት እናት፣ ወንድምና ልጁ በድምሩ 17 ጊዜ «ነ» ይላሉ፤ አንድም «ን» የለም። በከተማው የመጀመሪያ ማታ ልጁ 4 ጊዜ «ነ» ይላል። ከሣቁ በኋላ 11 ጊዜ «ን»፣ አንድም «ነ» የለም። በመጨረሻ 1 «ነ»። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ እጅ 32 ጊዜ ሳይስት ቆይቶ በ33ኛው ላይ፣ ያውም በታሪኩ የመጨረሻ ቃል ላይ ይስታል ብሎ ማመን አይቻልም። እኔ «አንድ ጊዜ ብቻ ስለመጣች ስሕተት ነች» አልኩ፤ ሠንጠረዡ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መምጣቷ ሆን ተብሎ መሆኑን ያሳያል። ለዚህ ሁለተኛ ማረጋገጫ ደግሞ የሚቀጥለው አረፍተ ነገር ነው። አንድን ቃል ከማረም በፊት ከእርማቱ ጋር ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ነው። ቀጣዩ አረፍተ ነገር ተንገዳግዶ ከወደቀ የተደገፈው በዚያ ቃል ላይ ነበር ማለት ነው።

ሠንጠረዡ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል፤ የእውነት ስሕተትን ያጋልጣል። ይህ ታሪክ የሚተረከው ልጁ ካደገ በኋላ በራሱ አንደበት ነው። ትረካው «አይቼ፣ ሰምቼ፣ በልቼ» እያለ ይሄዳል። በሦስት ቦታ ግን «አይቸ፣ ሰምቸ፣ ከፍየ» ይላል፤ ይህም እንደ «ነ» የጐጃም አነጋገር ነው፤ በቆዩ መጻሕፍትም እንዲህ ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱ የት እንዳሉ አየሁ። አንዱ በአውቶቡስ ጉዞው ላይ፣ አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ፣ አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ። ልጁ በእነዚህ ቦታዎች አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፣ አገሩን አላስታወሰም። ከኋላም ከፊትም የሚደገፍባቸው ነገር የለም። እነዚህን ከእርማቱ በፊት ደራሲውን ጠይቄው ነበር፤ «የእጄ ናቸው፣ አርማቸው» አለኝ። አረምኳቸው፤ ታሪኩም ምንም አልጎደለበትም። አሁን የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። ስለ ሦስቱ «ቸ» እና «የ» ስለተጠራጠርኩ ጠየቅሁት፤ ስለ «ነ» ግን እርግጠኛ ስለነበርኩ ዝም ብዬ ሰረዝኩ።

እርግጠኝነት ሌላም ቦታ ሊያስተን ነበር። በመጀመሪያው ትዕይንት «ከዛፉ ሥር ቅኔ ስቆጥር ዋልኩ» የሚል አለ። አብሮኝ የሚያርመው ጓደኛዬ «ቅኔ ይቆጠራል እንዴ? ብር ነው እንዴ?» ብሎ «ሳነብ ዋልኩ» አደረገው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን ቅኔ መቁጠር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ለማታው የሚያሰማውን ቅኔ በልቡ ማዘጋጀቱ ነው። በእጁ መጽሐፍ የለም፤ የሚነበብ ነገር ከቶ የለም። «ሳነብ ዋልኩ» ቢታተም ኖሮ ደብረ ኤልያስን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ደራሲው ቅኔ ቤት ገብቶ አያውቅም ይል ነበር። «ቅኔ ዘረፈ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ያልሰማ ሰው ሌብነት ይመስለዋል። ደግነቱ ይህ ከመተየቡ በፊት ተያዘ። የሙያ ቃል ከአነጋገር ዘይቤ የተለየ ነው፤ የሚታረመው ሙያውን ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ብቻ ነው። ለማያውቀው አንባቢም ብዙ ጊዜ አረፍተ ነገሩ ራሱ ያስረዳዋል። እዚህ ላይ «ማታ የኔታ ፊት ስቀርብ ግን ሁሉም ከልቤ ጠፋ» የሚል ስለሚከተል የተቆጠረው ነገር ገንዘብ እንዳልሆነ ማንም ይረዳል።

ወደ አራዳው አነጋገር ልምጣ። የከተማ ልጆቹ ልጁን «ፋራ» ይሉታል። ደራሲው በቅንፍ «ማለትም ያልሠለጠነ» ብሎ ጨምሮበት ነበር። ቃሉን ትተን ቅንፉን አወጣነው። ምክንያቱ ንጽሕና አይደለም፤ ልጁ በዚያ ማታ የቃሉን ትርጉም አያውቅም፤ ከፊታቸው ብቻ ነው የሚያነበው። ቅንፉ አንባቢውን ከልጁ ይለየዋል። ደራሲውም ደስ ብሎት ተቀበለ። የግቢው ሽማግሌ ዘበኛ ግን «ይኼ ልጅ ነቄ ነው» ሲሉ እርሳስ አነሣሁ። ቃሉ ጥፋት የለበትም፤ የተሳሳተው አፉ ነው። እኒህ ሰውዬ በሌላው ገጽ ሁሉ «ልጄ»፣ «እግዜር ያሳይህ» የሚሉ ናቸው። ደራሲው ከልጆቹ አፍ አንሥቶ ሳያስበው ሽማግሌው አፍ ላይ አስቀምጦታል። እኔ ግን ሌላ ቃል አልተካሁለትም፤ በኅዳጉ «አባባ እንዲህ ይላሉ?» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ራሱ «ይኼ ልጅ ዓይኑ ተገልጧል» አደረገው፤ እኔ ከማገኘው ይሻላል። አራሚ ምትክ ቃል በሰጠ ቁጥር ገጸ ባሕርዩ በአራሚው አፍ እየተናገረ ይሄዳል።

እስካሁን ያልኩት አንባቢን «ሁሉም ነገር ይተው» ወደሚል እንዳይወስደው ፊደልን ላንሣ። ደራሲያችን «ፀሐይ»ን በአንድ ገጽ በሦስት ዓይነት ጽፎታል። ይህ አነጋገር አይደለም፤ በሦስቱም ፊደል ድምፁ አንድ ነው፤ ልጁም እናቱም አይለያዩበትም። እንዲህ ያለውን ማንንም ሳንጠይቅ በቡለቲኗ ልማድ አንድ እናደርጋለን። ይሁንና እዚህም ላይ ሊታሰብ የሚገባው ሰው አለ፤ እሱም በደብረ ኤልያስ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ሌሎች መጻሕፍት አልተጻፈም፤ ደራሲው የአማርኛ አጻጻፍ ይሻሻል ባይ ስለነበሩ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። «አለ» ሲባል ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ ይኖራል ማለት ይሁን በተራው አጻጻፍ አይለይም፤ በነጥቡ ግን ይለያል። ያን የእጅ ጽሑፍ እንደኔ ያለ ቀናተኛ አራሚ አግኝቶት ቢሆን ነጥቦቹን የቀለም ጠብታ ናቸው ብሎ አንድ በአንድ ያጠፋቸው ነበር። ሆን ተብሎ መደረጉ በምን ይታወቃል? ነጥቡ የሚወርደው በሚጠብቅ ፊደል ላይ ነው፤ የቀለም ጠብታ መጥበቅና መላላትን አይመርጥም። የኛ ደራሲ «ፀሐይ» ግን ምንም አይከተልም፤ ብዕሩ ባገኘው ይሄዳል።

አንድ ሌላ ክርክር ነበረን፤ እዚህም ላይ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። የእናትየው ንግግር በመጀመሪያው ጽሑፍ እጅግ ከባድ ነበር። ደራሲው የእናቱን አፍ የሰማውን ያህል ሁሉ ለመጻፍ ሞክሯል፤ «ኸ»ው፣ «ዠ»ው፣ «ነ»ው፣ የተዋጡት ፊደላት ሳይቀሩ። አንዱን ንግግር ለማንበብ ሦስት ጊዜ መመለስ ያስፈልግ ነበር። በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ያነበበ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ዳኛቸው ገጸ ባሕርያቱን በአገራቸው አነጋገር ሲያናግር ለማንም አንባቢ አልራራም፤ መጽሐፉ ከባድ ነው የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጓደኛዬ «ዳኛቸው ከተፈቀደለት ለኛስ ልጅ ለምን ይከለከላል?» ይላል። እኔ የምለው ልብ ወለዱ ረጅም ሲሆን አንባቢው በ20 እና በ30 ገጽ ጆሮው ይለምዳል፤ በ9 ገጽ ታሪክ ውስጥ እናትየዋ የምትናገረው ግን አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ጆሮ ሳይለምድ ታሪኩ ያልቃል።

ደራሲው ዘንድ ይዤ የሄድኩት ሐሳብ እንዲህ ነበር፤ ከእናትየው አነጋገር ሁለት ወይም ሦስት ምልክት ምረጥና እነሱን ሳታዛንፍ ያዝ፣ የቀረውን በተለመደው ጻፈው። እሱም «ነ»ን እና «ኸ»ን መረጠ። እናትየዋ አሁን «ደኅና ዋልኸ? ቆሎውን ቆልተነ ጠበቅነኸ» ትላለች። ይህ ለማንም ይነበባል፤ ጐጃሜ ለሆነ ሰው ደግሞ ሌላው ድምፅ ሁሉ በራሱ ይመጣለታል። «ነ»ን መምረጡ ለመጨረሻዋ ቃል መሠረት እየጣለ እንደነበር ግን አላወቅሁም። ከደራሲው ጋር አብሬ መሠረቱን ጣልኩና ጣሪያውን ብቻዬን አፈረስኩት ማለት ነው።

ደራሲው ስነግረው አልተቆጣም። ይኼ ይብስ አሳፈረኝ። «እኔም ታትሞ ሳነበው እንደ ከተማዎቹ ልጆች ያረማችሁኝ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለኝ። አዲስ ታሪክ አለህ ወይ ስለው የለኝም አለ፤ እንዳለው ግን ከሌሎች ሰምቻለሁ።

ስለዚህ በዚህ እትም የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ እንደገና አውጥተነዋል። በአሠራራችንም ላይ አንድ ነገር ጨምረናል። ሆን ተብሎ የተጻፈ መሆኑ የተረጋገጠ ቃል ሁሉ በእጅ ጽሑፉ ላይ ከሥሩ ነጠብጣብ ይደረግበትና በኅዳጉ «እንዳለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም አራሚው ቢተወው እንኳ የሚተይበው ሰው በቅንነት ሊያርመው ይችላል። ያረምነውንም ቃል በሙሉ ከመባዛቱ በፊት ደራሲው ያየዋል፤ የተጠራጠርንበትን ብቻ ሳይሆን እርግጠኛ የሆንበትንም።

ጓደኛዬ ለ«እናታችነ» የግርጌ ማስታወሻ እንድናደርግ ፈልጎ ነበር፤ ያለዚያ አዲስ አበቤ አንባቢ የትየባ ስሕተት ይመስለዋል ብሎ ሠጋ። ደራሲው አልፈቀደም። ታሪኩን ከመጀመሪያው ያነበበ ያውቀዋል፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ የሚያነብ ደግሞ ይሳሳት አለ። ያለ ማስታወሻ ወጥቷል።